በመዝገብ ውስጥ ያለ ሐሰተኛ ደረሰኝ፦ የጠበቃ ምስጢር ጠባቂነትና ለፍርድ ቤት ያለበት ግዴታ

ለትንታኔ ያህል አንድ ግምታዊ ጉዳይ እንውሰድ። በልደታ አካባቢ ቢሮ ያለው ጠበቃ፣ የተበደርከውን 300,000 ብር አልመለስክም ተብሎ በልደታ ምድብ ችሎት የተከሰሰን ነጋዴ ይወክላል። ተከሳሹ ዕዳውን ከፍያለሁ ብሎ ከመልሱ ጋር የአበዳሪው ፊርማ ያለበት ደረሰኝ አቅርቧል። ማስረጃ ሊሰማ በተቀጠረበት ቀን ዋዜማ ግን ፊርማውን ያስመሰለው እርሱ ራሱ መሆኑን ለጠበቃው ይነግረዋል።

የጉዳዩ ውጤት በዚህ ወረቀት ላይ የተንጠለጠለ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2001 መሠረት ግዴታው ቀሪ ሆኗል የሚል ወገን ይህንኑ ማስረዳት አለበት። በቁጥር 2472 ደግሞ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር መመለሱ በምስክር ቃል አይረጋገጥም። ደረሰኙ ከተነሣ መከላከያው ይወድቃል፤ ከቆየ አበዳሪው ገንዘቡን ያለ አግባብ ሊያጣ ይችላል።

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 በሙያው ምክንያት ያወቀውን ምስጢር የሚገልጥ ጠበቃን ይቀጣል። ሆኖም መጠበቅ ያለበት ደንበኛው የተናገረው ቃል ነው፤ ጠበቃው በሐሰተኛው ሰነድ መከራከሩን እንዲቀጥል አንቀጹ አይፈቅድለትም። ዝምታና ማታለል የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ደንበኛው ደረሰኝ ሳያቀርብ «አልከፈልኩም» ብሎ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጠበቃው ዝም ማለቱ ማንንም አያሳስትም ነበር።

ስለዚህ የጠበቃው የመጀመሪያ ተግባር ደንበኛው ደረሰኙን እንዲያነሣ መምከር ነው። በሐሰተኛ ሰነድ መገልገል ራሱ ወንጀል መሆኑን፣ ከሳሽ ፊርማውን ክዶ በባለሙያ ሊያስመረምር እንደሚችል፣ በክፍያ ጊዜ ላይ መስማማት እንደሚሻል ያስረዳዋል። ደንበኛው እምቢ ካለ ጠበቃው በደረሰኙ አይከራከርም፤ ዝርዝር ምክንያት ሳይገልጽም ፍርድ ቤቱን አስፈቅዶ ከውክልናው ይወጣል።

ይህ መፍትሔ ጉድለት አለው። ደረሰኙ በመዝገቡ ውስጥ ይቀራል፤ የሚተካው ጠበቃም እውነቱን ሳያውቅ ሊከራከርበት ይችላል። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር ሞዴል ደንብ 3.3 ሌላው መንገድ ካልሠራ ጠበቃው ለፍርድ ቤቱ እንዲገልጽ ያስገድዳል፤ የእንግሊዝ ሥርዓት ግን ምስጢሩን ጠብቆ መውጣትን ይመርጣል።

የእኛ ሕግ ሦስተኛ በር አለው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 400 በባለጉዳዩ ፈቃድ፣ በምስጢር ጠባቂው ጥያቄ የበላይ የሙያ ወይም የተቆጣጣሪ አካል ሲወስን፣ ወይም ፍርድ ቤት ሲያዝ ምስጢር መግለጥን አያስቀጣም። ፍርድ ቤቱን ፈቃድ መጠየቅ ምስጢሩን ለዚያው ችሎት እንደ መንገር ነው። በአንጻሩ የሙያ አካሉ ጉዳዩን ከማይዳኝበት ሥፍራ ሆኖ ሊመረምረው ይችላል። ስለሆነም ይህ ጸሐፊ በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 የተቋቋመው የፌዴራል ጠበቆች ማኅበር ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ከሚቀጥለው ቀጠሮ በፊት በዝግ የሚወስንበት ሥርዓት ሊኖረው ይገባል ይላል። ውሳኔው እስኪሰጥ ድረስ ጠበቃው ስለ ደረሰኙ ለማንም አይናገርም፤ በደረሰኙም አይከራከርም።