ቡና በሚቆላበት ቤት የጭስ ማስጠንቀቂያ የት ይሰቀል?

በአሜሪካ የሜሪላንድ ግዛት የሚገኝ አንድ የኪራይ አፓርታማ ለምሳሌ ይወሰድ። ቤቱ ሁለት መኝታ ክፍሎች፣ አንድ መታጠቢያ ቤት፣ ከሳሎኑ በግድግዳ ያልተለየ ማድ ቤትና ክፍሎቹን የሚያገናኝ አጭር ኮሪደር አለው። ባልና ሚስት ከሁለት ልጆቻቸውና ከአገር ቤት ከመጡ እናታቸው ጋር ይኖሩበታል። ያለው የጭስ ማስጠንቀቂያ አንድ ብቻ ሲሆን፣ የተሰቀለውም ከምድጃው ሁለት ሜትር ያህል ርቆ በሳሎኑ ኮርኒስ ላይ ነው። ሽንኩርት ሲቁላላ ይጮኻል፤ እሑድ ቡና ሲቆላና ዕጣን ሲጨስ ደግሞ እንግዳ እስኪደነግጥ ድረስ ይጮኻል። በመጨረሻ ባትሪው ይወጣና ማቀዝቀዣው ላይ ይቀመጣል። ማታ ሁሉም ሲተኛ እዚያው ያድራል።

በዚህ ቤት የተሳሳተው ቡናው አይደለም። ስሕተቱ መሣሪያው በተመረጠበትና በተሰቀለበት መንገድ ላይ ነው።

በገበያ ላይ የሚገኙት የጭስ ማስጠንቀቂያዎች በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው አዮናይዜሽን የሚባለው ነው። በውስጡ አሜሪሲየም 241 የተሰኘ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር በጣም በትንሽ መጠን ይቀመጣል። ጨረሩ በመሣሪያው ውስጥ ያለውን አየር ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ ያደርገዋል፤ ጭስ ሲገባ ይህ ደካማ ፍሰት ይቀንስና ደወሉ ይጮኻል። ይህ ዓይነት በዐይን የማይታዩ ደቃቅ ብናኞችን ፈጥኖ ስለሚለይ በነበልባል ለሚጀምር እሳት ጥሩ ነው። ችግሩ፣ የጋለ ምጣድም እንዲሁ ያለ ደቃቅ ብናኝ ማውጣቱ ነው።

ሁለተኛው ፎቶኤሌክትሪክ ይባላል። በጨለማ ክፍሉ ውስጥ የብርሃን ጨረር ያልፋል፤ የጭስ ብናኝ ሲገባ ብርሃኑን ይበትነውና ወደ ብርሃን ጠቋሚው ይመልሰዋል። ይህ ዓይነት ነበልባል ሳይታይ እየታመሰ የሚቆይ እሳትን ቀድሞ ያውቃል። ሶፋ ላይ የወደቀ የሲጋራ ቁራጭ ወይም ማሞቂያ ላይ የቀረ ብርድ ልብስ የሚያስነሣው እሳት እንዲህ ያለ ነው፤ ሰው ተኝቶ ሳለም ለረጅም ጊዜ ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ማድ ቤቱ ከሳሎን ጋር ለተቀላቀለ ትንሽ ቤት ፎቶኤሌክትሪክ የተሻለ ምርጫ ነው። ዓይነቱን ለማወቅ መሣሪያውን አውርዶ ከኋላው ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ይበቃል፤ አዮናይዜሽን የሆነው አሜሪሲየም እንዳለበት ተጽፎበታል።

አዲስ ለሚገዛ ሰው ሌላም የሚታይ ነገር አለ። ዩኤል 217 የተባለው የአሜሪካ ደረጃ ስምንተኛ እትም መሣሪያው የምግብ ጭስን ከእሳት ጭስ እንዲለይ ያስገድዳል። የላቦራቶሪ ፈተናው የሚካሄደው የሃምበርገር ሥጋ በመጥበስ ነው። የቡና ቁላት በፈተናው ውስጥ የለም፤ ስለዚህ አዲሱ መሣሪያ የሐሰት ጩኸትን ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አያስቀርም። የዕጣን ጭስ ደግሞ በዐይን የሚታይና ብርሃን የሚበትን በመሆኑ ፎቶኤሌክትሪኩንም ያስጮኸዋል። ለዕጣን መፍትሔው ርቀት ነው። በአውሮፓ ለሚኖሩ፣ በመሣሪያው ላይ የሚፈለገው ምልክት ኢኤን 14604 ነው።

የአሜሪካ የእሳት መከላከያ ማኅበር ደረጃ የጭስ ማስጠንቀቂያ በእያንዳንዱ መኝታ ክፍል ውስጥ፣ ከመኝታ ክፍሎቹ ውጭ ባለው መተላለፊያና በእያንዳንዱ ፎቅ እንዲኖር ይጠይቃል። ከምድጃ ቢያንስ 3 ሜትር መራቅ አለበት፤ 6 ሜትር ማግኘት ከተቻለ የበለጠ ጥሩ ነው። በዚህ መሠረት ከላይ ለተገለጸው ቤት ሦስት መሣሪያዎች ያስፈልጋሉ። አንዱ በኮሪደሩ ኮርኒስ ላይ፣ በሁለቱ መኝታ ክፍሎች በሮች መካከል ይሰቀላል። ኮሪደሩ የሚጀምረው ከምድጃው 4 ሜትር ርቆ ከሆነ፣ መሣሪያውን ሁለት ሜትር ወደ ውስጥ ማስገባት 6 ሜትር ያስገኛል። ነገር ግን የመታጠቢያ ቤቱ በርም እዚያው ስላለ፣ እንፋሎት እንዳያስጮኸው ከበሩ 1 ሜትር ያህል ይራቅ። የቀሩት ሁለቱ በመኝታ ክፍሎቹ ኮርኒስ መካከል ይሆናሉ። አየር የሚነፋ ቀዳዳ ወይም ቬንትሌተር ካለ፣ ነፋሱ ጭሱን እንዳይበትነው ከእርሱም 1 ሜትር ያህል ይርቃሉ። ኮርኒስ ላይ መስቀል ካልተቻለ ግድግዳ ላይ፣ ከኮርኒሱ ቢበዛ 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይሰቀላል፤ ጭስ መጀመሪያ የሚሞላው ከላይ ነውና።

መኝታ ክፍል ውስጥ ለምን ያስፈልጋል ቢባል፣ ምክንያቱ በሩ ነው። የተዘጋ በር ከውጭ የሚመጣውን እሳትና ጭስ ያዘገያል፤ ማታ መዝጋቱም ይመከራል። ግን ያው በር የኮሪደሩን ደወል ድምፅም ያፍናል፤ ክፍሉ ውስጥ በስልክ ቻርጀር የተነሣን ጭስም ከኮሪደሩ መሣሪያ ይሸሽጋል። በሬዲዮ ሞገድ እርስ በርስ የሚገናኙ መሣሪያዎች ከተገዙ፣ አንዱ ጭስ ሲያገኝ ሦስቱም አብረው ይጮኻሉ። እንዲግባቡ ግን አምራቹ ይገናኛሉ ያላቸው ሞዴሎች መሆን አለባቸው። የእናትየው ጉዳይም ተለይቶ ይታይ። የተለመደው ደወል ድምፁ ቀጭን በመሆኑ፣ ጆሮአቸው ለደከመ አረጋውያን ሳይሰማ ሊቀር ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ መኝታ ክፍል 520 ኸርዝ የሆነ ወፍራም ድምፅ የሚያሰማ መሣሪያ አለ።

ቤቱ የኪራይ ስለሆነ ሥራው የሚጀምረው ከአከራዩ ነው። በሜሪላንድ ሕግ በባትሪ ብቻ የሚሠሩ አሮጌ መሣሪያዎች ከጥር 2018 በፊት ባትሪያቸው በማይወጣ፣ 10 ዓመት በሚያገለግልና ለጊዜው ዝም ማሰኛ ቁልፍ ባለው መሣሪያ መተካት ነበረባቸው። በምሳሌው ቤት ያለው መሣሪያ ባትሪው መውጣቱ ብቻ ለአከራዩ በጽሑፍ ለማመልከት በቂ ምክንያት ነው። በጽሑፍ መሆኑ ኋላ ክርክር ቢነሣ ማስረጃ ይሆናል። መሣሪያው ከሕንፃው የኤሌክትሪክ መስመር ጋር የተገናኘ ከሆነ ግን ተከራዩ ፈትቶ ማዛወር የለበትም፤ በዚያው ቦታ በፎቶኤሌክትሪክ እንዲተካለት ይጠይቃል፤ የጎደለውን በባትሪ በሚሠሩ ያሟላል። ኮርኒስ ለመብሳት ፈቃድ የማይሰጥ አከራይም አለ። በዚህ ጊዜ በማጣበቂያ መለጠፍ የሚቻለው አምራቹ ከፈቀደ ብቻ ነው፤ የወደቀ መሣሪያ ለማንም አይጮኽምና።

ከተሰቀለ በኋላ በወር አንድ ጊዜ የመሞከሪያ ቁልፉን መጫን ይገባል። በየደቂቃው ገደማ አንድ ጊዜ ጭው የሚል አጭር ድምፅ ሲሰማ ባትሪው ደክሟል ወይም መሣሪያው ዕድሜውን ጨርሷል ማለት ነው። ዕድሜው ከተመረተበት ቀን ጀምሮ 10 ዓመት ነው፤ ቀኑ ከኋላው ተጽፏል። ቡናውንም ሆነ ዕጣኑን በከሰል ለሚያሰናዳ ቤተሰብ አንድ ነገር ይታከል፦ የጭስ ማስጠንቀቂያ ሽታ የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ አያውቅም፤ ለእርሱ ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ከሰልም በተዘጋ ቤት ውስጥ መቀጣጠል የለበትም።

እሑድ ሲደርስ ቡናው ከመኝታ ቤቶቹ ኮሪደር ርቆ፣ መስኮት ተከፍቶ ይቆላል። ምጣዱ ለእንግዶች ሽታውን ለማቃመስ ሲዞር ወደ ኮሪደሩ በኩል ባይጠጋ ይመረጣል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ደወሉ ከጮኸ፣ የጭሱ ምንጭ ምጣዱ ብቻ መሆኑ ይረጋገጥና ዝም ማሰኛ ቁልፉ ይጫናል። መሣሪያው ለጥቂት ደቂቃዎች ያርፍና ማንም ሳያስታውሰው ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ማቀዝቀዣው ላይ የተቀመጠው ባትሪ ግን በራሱ አይመለስም።