ለተቆጣ ደንበኛ፣ ሁለተኛው መልስ

ሽሮ ሜዳ ያለ አንድ የሐበሻ ቀሚስ ሱቅ እናስብ። በቴሌግራም ትእዛዝ ይቀበላል፣ ወደ ውጭ አገርም ይልካል። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር አንዲት ሴት በወንድሟ ሰርግ እናቷ የሚለብሱትን ቀሚስ አዘዘች። ጥለቱ ጥቁር አረንጓዴ በወርቃማ፣ የቀሚሱ ዋጋ 18,000 ብር፣ የመላኪያው 7,000 ብር። ገንዘቡን አዲስ አበባ ያሉት አክስቷ በባንክ አስገቡ። ሰርጉ ቅዳሜ ነው፤ ሱቁ ሐሙስ እጅዎ ይገባል አለ። ቀሚሱ የደረሰው ግን ሰርጉ ካለፈ በኋላ ሰኞ ዕለት ነው። ተከፍቶ ሲታይ ደግሞ አረንጓዴው ፈዛዛ ሆኖ ተገኘ።

የዚያኑ ዕለት ይህ መልእክት ሱቁ ስልክ ላይ ገባ፦

«ሌቦች ናችሁ። እናቴ በልጇ ሰርግ የሰው ቀሚስ ተውሳ ለበሰች። ሐሙስ ያላችሁት ሰኞ መጣ፣ ቀለሙም ያዘዝኩት አይደለም። ዓርብ ሦስት ጊዜ ስደውል ማንም አላነሳም። ገንዘቤን መልሱ፤ አለዚያ የማውቀው ሰው ሁሉ ከእናንተ እንዳይገዛ እነግራለሁ።»

ሱቁም ሴትየዋም ለዚህ ጽሑፍ የታሰቡ ናቸው። ሱቁ መጀመሪያ የጻፈው መልስ ግን ብዙዎቻችን ከአንድ ቦታ የደረሰን ዓይነት ነው፦

«ውድ ደንበኛችን፦ ሌቦች መባላችን በጣም አሳዝኖናል። ድርጅታችን በታማኝነቱ የታወቀ ነው። ልብሱ የዘገየው በመላኪያ ድርጅቱና በጉምሩክ ምክንያት ስለሆነ እኛን አይመለከትም። ልኩንም ካዘዙ በኋላ የቀየሩት እርስዎ ነዎት። ቀለሙ በስልክ ስክሪን የተለየ ሊመስል ይችላል። ስልክ ያላነሳነው በሥራ ብዛት ነው። ለተፈጠረው ማንኛውም ቅሬታ ይቅርታ እየጠየቅን፣ የተሸጠ ዕቃ እንደማይመለስ እናሳውቃለን።»

ይህን ደብዳቤ አለስልሱት ቢባል ብዙ ሰው «ውድ» የሚለውን «እጅግ ውድ» ያደርገዋል፣ ይቅርታውን ከታች ወደ ላይ ያወጣዋል፣ መጨረሻ ላይ «እናመሰግናለን» ይጨምርበታል። ያ ምንም አይፈይድም። የደብዳቤው ችግር የሚመልሰው ጥያቄ ላይ ነው። ሴትየዋ የጻፈችው እናቴ ላይ የደረሰውን አውቃችኋል ወይ፣ አሁንስ ምን ታደርጋላችሁ ብላ ነው። ሱቁ የመለሰው ጥፋቱ የማን ነው ለሚለው ነው፤ እሱንም የመለሰው ሳያጣራ ነው።

ስለዚህ ሁለተኛው መልስ የሚጀምረው ከማጣራት ነው። ባለቤቷ ሦስት ነገር ማየት አለባት፦ የትእዛዙን የቴሌግራም ንግግር ከላይ እስከ ታች፣ የመላኪያውን ደረሰኝ፣ ከዚያም ሸማኔውን። ደረሰኙ ላይ ያለው ቀን ብዙ ይናገራል። ቀሚሱ መላክ የነበረበት ከሰርጉ በፊት ባለው ሳምንት ዓርብ ነበር፤ መንገዱ ስድስት ቀን ስለሚወስድ ሐሙስ ይደርሳል። ወደ መላኪያው የተወሰደው ግን ሰኞ ነው። ሦስት ቀን የዘገየው ሱቁ ራሱ ነው። ጉምሩክ የያዘው አንድ ቀን ብቻ ነው። እዚህ ላይ አንድ ቀላል ስሌት አለ፦ ዓርብ ተልኮ ቢሆን ኖሮ ጉምሩክ አንድ ቀን ይዞትም እንኳ ከሰርጉ በፊት ባለው ዓርብ ይደርስ ነበር። እናትየው ይለብሱት ነበር ማለት ነው። የእኛን ድርሻ ብናነሳ ጉዳቱ ይቀር ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ «እኛን አይመለከትም» ለማለት ወይም ላለማለት ከሁሉ የተሻለ መፈተኛ ነው። እዚህ መልሱ ይቀር ነበር የሚል ነው፤ ስለዚህ ጉምሩክ ከደብዳቤው ይወጣል።

የልኩ ነገር እውነት ነው፤ ደንበኛዋ ካዘዘች ከሳምንት በኋላ የወገቡን ልክ ቀይራለች። ቴሌግራሙ ሲነበብ ግን ሱቁ አዲሱን ልክ ተቀብሎ «ችግር የለም፣ ሐሙስ ይደርሳል» ብሎ መልሷል። ከዚያ በኋላ ቃሉ የሱቁ ነው። ሱቁ በዚያ ቀን «እንግዲያው ሦስት ቀን ይገፋል» ብሎ ጽፎ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይለወጥ ነበር፤ በደብዳቤውም ውስጥ ያለ ወቀሳ አንድ ጊዜ ሊጠቀስ ይችል ነበር። ተጠያቂነት ሁሉን በደል በራስ ላይ መጫን አይደለም። ያልሠሩትን ጥፋት ሠራሁ ብሎ መጻፍም ራሱን የቻለ ሐሰት ነው፣ በኋላም ለሌላ ክርክር በር ይከፍታል።

ቀለሙ ግን ሌላ ነገር ያወጣል። ሸማኔው ሲጠየቅ ጥቁር አረንጓዴው ክር አልቆበት በቅርብ ባገኘው እንደጨረሰ ይናገራል፤ ሱቁም ሲረከብ አይቶ በዝምታ አልፎታል። እንግዲህ «በስክሪን የተለየ ሊመስል ይችላል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከድምፁ በላይ ትልቅ ችግር አለበት፤ ጸሐፊው ራሱ እውነት እንዳልሆነ የሚያውቀው ነው። በመከላከያ ደብዳቤዎች ውስጥ እንዲህ ያለ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይገኝ አይቀርም። ብዙ ጊዜ «ሊሆን ይችላል» የሚል ጭራ ስላለው ከሩቅ ይለያል። ደንበኛውም ቶሎ ያየዋል፣ ምክንያቱም ቀሚሱ እጁ ላይ ነው።

የተሸጠ ዕቃ አይመለስም የሚለውም ሳይመረመር የሚገባ ነው፤ ደረሰኝ ላይ ታትሞ ስለምናየው ሕግ ይመስለናል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ግን ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል።

የመጀመሪያው መልስና የሁለተኛው ልዩነት በአደባባይ የታየበት ታዋቂ ጉዳይ የዩናይትድ አየር መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 9 ቀን 2017 ከቺካጎ ወደ ሉዊቪል ሊበር በነበረ አውሮፕላን፣ አየር መንገዱ አራት ሠራተኞቹን ለማሳፈር አራት ተሳፋሪዎች እንዲወርዱ ጠየቀ። በፈቃዱ የሚወርድ ሲጠፋ እሱው መረጠ። ከተመረጡት አንዱ፣ የ69 ዓመት ሐኪም፣ አልወርድም ሲሉ የኤርፖርቱ ጥበቃዎች ከመቀመጫቸው መንጭቀው መሬት ለመሬት ጎተቷቸው፤ ፊታቸው ደማ፣ ሌሎች ተሳፋሪዎች በስልካቸው ቀረጹ። በማግስቱ ሥራ አስፈጻሚው ኦስካር ሙኖዝ ባወጡት አጭር መግለጫ ይቅርታ የጠየቁት ተሳፋሪዎቹን ወደ ሌላ በረራ «ማዛወር» በማስፈለጉ ነበር። ለሠራተኞቻቸው በጻፉት ደብዳቤ ደግሞ ሰውየው አስቸጋሪ እንደነበሩና ሠራተኞቹ መመሪያ እንደተከተሉ ገለጹ። ቪዲዮውን ያየ ሰው ሁሉ የተጎተተ ሰው እያስታወሰ ስለ ዝውውር አነበበ። ቁጣው እጥፍ ሆነ።

ኤፕሪል 11 ሌላ መግለጫ ወጣ። በዚህኛው ሙኖዝ በግድ ለተወሰዱት ተሳፋሪና በዚያ ለነበሩት ሁሉ ይቅርታ ጠየቁ፣ ማንም ሰው እንዲህ ሊያዝ አይገባም አሉ፣ ሙሉ ኃላፊነት እንወስዳለን አሉ፣ አሠራራቸውን መርምረው ውጤቱን እስከ ኤፕሪል 30 ለሕዝብ እንደሚያሳውቁም ቀን ቆርጠው ተናገሩ። ኤፕሪል 27 ለውጦቹ ወጡ፤ ከእነዚህ መካከል አንዴ የተቀመጠ ተሳፋሪ ከደኅንነት ጉዳይ በስተቀር በግድ አይነሳም የሚለውና በፈቃዱ ለሚወርድ እስከ 10,000 ዶላር ይከፈላል የሚለው ይገኙበታል። በእኔ እይታ ከሁለተኛው መግለጫ ትልቁ ነገር ያ ቀን ነው፤ ቀን የሌለው ቃል ኪዳን ማንም ሊይዘው አይችልም። ሁለተኛው መግለጫ የመጀመሪያውን ሙሉ በሙሉ እንዳላጠፋውም መታወቅ አለበት። ሰዎች ዛሬም የሚያስታውሱት «ማዛወር» የሚለውን ነው።

ወደ ሽሮ ሜዳ እንመለስ። ከተጣራ በኋላ መልሱ እንዲህ ይሆናል፦

«ሰላም እህታችን። እናትዎ በልጃቸው ሰርግ ያዘዙላቸውን ቀሚስ ሳይለብሱ ቀሩ። ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ቀሚሱን ዓርብ መላክ ሲገባን የላክነው ሰኞ ነው። ዓርብ ልከነው ቢሆን ለሰርጉ ይደርስ ነበር። ጥቁር አረንጓዴው ክር ስላለቀ ሸማኔው ፈዛዛውን ተጠቅሟል፤ እኛም ስንረከብ አይተን ልንነግርዎ ሲገባ ዝም ብለን ላክነው። ዓርብ የደወሉትን ሦስት ጥሪ አይተነዋል፤ አላነሳንም፣ መልሰንም አልደወልንም።

ቀሚሱንና መላኪያውን ጨምሮ የከፈሉትን 25,000 ብር ገንዘቡ በገባበት በአክስትዎ ሒሳብ እስከ ረቡዕ ማታ እንመልሳለን፣ የባንኩንም ደረሰኝ እዚህ እንልክልዎታለን። ቀሚሱን መመለስ አያስፈልግም። እናትዎ በጥቁር አረንጓዴ እንዲሠራላቸው ከፈለጉ ያለ ክፍያ አሠርተን እንልካለን፤ ክሩን ከማስጀመራችን በፊት ፎቶውን እናሳይዎታለን። ካልፈለጉም ገንዘቡ እንዳለ ይመለሳል። ከዛሬ ጀምሮ ይህን ጉዳይ የምከታተለው እኔ የሱቁ ባለቤት ነኝ፤ ይህ የራሴ ስልክ ነው።»

ይህ መልስ «ሌቦች» ለሚለው ምንም አላለም። ስድቡን ማንሳት ደብዳቤውን ስለ ሱቁ ክብር ያደርገዋል፤ ዝም ማለት ግን ተቀበልን ማለት አይሆንም፣ ገንዘቡ በቀኑ ሲገባ ራሱ መልስ ይሰጣል። «ስሜትዎን እንረዳለን» የሚልም የለውም፤ ተውሰው የለበሱትን እናት ስም ሳይጠራ ያስታወሰው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር መረዳቱን አሳይቷል። «ለተፈጠረው» የሚል አድራጊ የሌለው ይቅርታ ጠፍቶ በቦታው «ላክነው»፣ «አላነሳንም» ገብተዋል። የወደፊቱን በተመለከተ ዳግም አይከሰትም የሚል መሐላም አልገባም፤ ሱቁ ሊያደርገው የሚችለው ክሩን ቀድሞ ማሳየት ነው፣ እሱንም ብሎታል።

አንድ ልጥፍ ይቅር። ምላሹን ወደ ስጦታ መለወጥ፣ ለምሳሌ በሚቀጥለው ግዢ አሥር በመቶ ቅናሽ መስጠት፣ እዚህ ቦታ የለውም። እንደገና ግዢ የሚል ቃል ገንዘቧ ገና ላልተመለሰ ሰው የሚጻፍ አይደለም።

የባለቤቷ ችግር ግን ጊዜ ሊሆን ይችላል፤ ሸማኔው እስኪገኝ ቀን ቢያልፍስ? ያኔ ሁለት መስመር ይበቃል፦ መልእክትዎን አይተናል፣ ያሉት ከባድ ነው፣ የሆነውን አጣርተን ነገ በእርስዎ ሰዓት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እንጽፍልዎታለን። በእርስዎ ሰዓት የሚለው ይጻፍ፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ጠዋት ሲሆን ሽሮ ሜዳ ከሰዓት በኋላ ነው፣ «ነገ ጠዋት» ብቻ ከተባለ ሌላ ያልተጠበቀ ቀጠሮ ይወለዳል። ባልተጣራ ነገር ጥፋቱን መቀበልም መካድም ለዚያች ሌሊት አይጻፍ።

ሴትየዋ ለሁለተኛው መልስ «አሁን ምን ዋጋ አለው» ብላ ልትመልስ ትችላለች። ትክክል ናት፣ ሰርጉ አልፏል። ለዚያ ሌላ ደብዳቤ አይጻፍም። ረቡዕ ገንዘቡ ይገባል፣ የባንኩ ደረሰኝ ፎቶ ይላካል፣ ከሥሩም አንድ መስመር፦ «25,000 ብር ዛሬ ገብቷል። ቀሚሱ ይሠራ ካሉ ክሩን ነገ ፎቶ አንስተን እናሳይዎታለን።»