የጥር ሙሽራ ኪኒኗን በጥቅምት ትጀምር

ሰርጓ ለጥር የተቆረጠ ሴት በጥቅምት ሐሳቧ ብዙ ነው። የአዳራሽ ቀብድ አለ፣ የቬሎ ኪራይ አለ፣ የሚዜዎች ልብስ አለ። ከሰርጉ በኋላ ሳትቆይ መውለድ የምትፈልግ ከሆነ ግን በዚያው ወር አንድ ተጨማሪ ነገር መጀመር አለባት፤ በቀን አንድ የፎሊክ አሲድ ኪኒን። ገና ሳታገባ፣ ገና ሳታረግዝ ምን አስቸኮላት የሚል ሰው ካለ፣ ቀን መቁጠሪያ ይዞ አብሮን ይቁጠር።

የወር አበባዋ ለመጨረሻ ጊዜ የመጣው ጥር 1 ቀን ነው እንበል። ዑደቷ 28 ቀን ከሆነ የምትፀንሰው ጥር 15 አካባቢ ነው። ቀጣዩ የወር አበባ የሚጠበቀው ጥር 29 ነበር፤ ቀረ። መጀመሪያ ላይ የሰርግ ድካም ይመስላታል። ሳምንት ጠብቃ የካቲት 6 ቀን የሽንት ምርመራ ስታደርግ ማርገዟን ታውቃለች። ከዚያ በኋላ በሳምንቱ፣ የካቲት 13 ቀን፣ ጽንሱ 28 ቀን ይሞላዋል። የልጇ ህብለ ሰረሰር የሚሠራበት ቱቦ በዚያ ቀን አካባቢ ተዘግቶ ያልቃል፤ ካልተዘጋም ክፍት ሆኖ ይቀራል። በአገራችን ብዙ እናቶች ለቅድመ ወሊድ ክትትል ጤና ጣቢያ የሚሄዱት ሦስት አራት ወር ከሆናቸው በኋላ ነው። ለዚህች ሙሽራ ያ ጊዜ ሚያዝያ ወይም ግንቦት ነው።

በእነዚያ አራት ሳምንታት ውስጥ የሚሆነውን በእንጀራ ማሰብ ይቻላል። አንድ ቁራሽ እንጀራ ዘርጉና ግራና ቀኝ ጠርዙን ወደ ላይ አንስታችሁ መሀል ላይ አገናኙት፤ ጠፍጣፋው ነገር ቱቦ ይሆናል። ጽንሱም በሦስተኛው ሳምንት ጀርባው ላይ እንዲህ ያለ ጠፍጣፋ ንጣፍ አለው። ጠርዞቹ ይነሱና ይገናኛሉ፤ ከዚያ እንደ ዚፕ ወደ ላይም ወደ ታችም እየተዘጉ ይሄዳሉ። ይህ የነርቭ ቱቦ ይባላል። የላይኛው ጫፍ አንጎል፣ የቀረው ህብለ ሰረሰር ይሆናል። ሥራው ሁሉ የሚያልቀው ጽንሱ ከአንድ የምስር ፍሬ ሳይበልጥ ነው።

የላይኛው ጫፍ ሳይዘጋ ከቀረ አንጎልና የራስ ቅል በሚገባ አይሠሩም፤ እንዲህ ያለ ሕፃን በሕይወት አይቆይም። ታችኛው ክፍል ሳይዘጋ ሲቀር ስፓይና ቢፊዳ ይባላል። ሕፃኑ ወገቡ አካባቢ ክፍተት ወይም ፈሳሽ የቋጠረ እብጠት ይዞ ይወለዳል፤ በከባዱ ዓይነት ነርቮቹም እዚያው ወጥተው ይታያሉ። ከክፍተቱ በታች ያሉት ነርቮች ስለሚጎዱ እግር ሊሰንፍ፣ ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ሊያቅት ይችላል። ብዙዎቹ ላይ ጭንቅላት ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል። ቀዶ ሕክምና ክፍተቱን ይዘጋል፤ የተጎዳውን ነርቭ ግን እንደነበረ አይመልስም።

ፎሊክ አሲድ እዚህ ላይ ምን ያደርጋል? ቱቦው እንዲዘጋ ሴሎች በፍጥነት መባዛት አለባቸው። አንድ ሴል ሁለት ከመሆኑ በፊት ዲኤንኤውን ይቀዳል፤ ለዚህ ሥራ ፎሌት የሚባለው ቫይታሚን የግድ ያስፈልገዋል። ፎሊክ አሲድ በኪኒን የተዘጋጀው ፎሌት ነው። ቫይታሚኑ በጎመን፣ በምስርና በሽምብራ ውስጥም አለ፤ ግን ሙቀት ያጠፋዋል፣ ጎመን ተቀቅሎ ውሃው ሲደፋም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ምግቡ ጥሩ ቢሆንም ኪኒኑን አይተካም።

ኪኒኑም ቢሆን በአንድ ቀን አይሠራም። በደም ውስጥ ያለው መጠን ጽንሱን ለመጠበቅ የሚበቃው ቀስ በቀስ ተጠራቅሞ ነው፤ በተለመደው መጠን እስከ 12 ሳምንት ይወስዳል። ከጥር 15 ወደ ኋላ 12 ሳምንት ስንቆጥር ጥቅምት 21 ላይ እንደርሳለን። ሙሽራዋ ጥቅምት 20 ብትጀምር ጽንሱ የሚፈጠረው የተዘጋጀ አካል ውስጥ ነው። የካቲት 6 ላይ ብትጀምር ግን የሚቀራት አንድ ሳምንት ብቻ ነው። ያም ሆኖ ትጀምር፤ ያለፈውን ለማካካስ ግን ደርባ አትዋጥ። ከጀመረች በኋላ እርግዝናው 12 ሳምንት እስኪሞላው፣ በእሷ ቁጥር እስከ መጋቢት 25 ድረስ፣ አታቋርጥ። ክትትል ስትጀምር የሚሰጣት የአይረን ኪኒንም አብዛኛውን ጊዜ ፎሊክ አሲድ አለው፤ የሚሰጣት በዋናነት ለደም ማነስ ስለሆነ በታዘዘላት መሠረት ትቀጥላለች። ሉፕ ወይም ክንድ ላይ የተቀበረ መከላከያ ያላት ሴትም ስሌቷ ቀላል ነው፤ ከማስወጣቷ ሦስት ወር በፊት ትጀምር።

አሁን ወደ መጠኑ እንምጣ፤ ስህተት የሚበዛው እዚህ ነው። ለአብዛኞቹ ሴቶች የሚበቃው በቀን 400 ማይክሮግራም ነው። ፓኬቱ ላይ 0.4 ሚሊግራም ተብሎ ቢጻፍም ያው ነው። ፋርማሲ ውስጥ ባለ 5 ሚሊግራም ኪኒንም አለ፤ በመጠን የመጀመሪያውን 12 እጥፍ ተኩል ያህላል። ሁለቱም ትንንሽ ኪኒኖች ስለሆኑ በዓይን አይለዩም፤ ቁጥሩን ማንበብ ያስፈልጋል።

ትልቁ መጠን የራሱ ባለቤቶች አሉት። የመጀመሪያ ልጇ ስፓይና ቢፊዳ ይዞ የተወለደ እናትን እናስብ። ሁለተኛው ልጅ ላይ የመድገሙ ዕድል ከሌሎች እናቶች ብዙ እጥፍ ይበልጣል። በ1991 በፈረንጆች ውጤቱ የወጣ፣ በሰባት አገሮች የተካሄደ የእንግሊዞች ጥናት እንደ እሷ ያሉትን ሴቶች ተከታትሎ ነበር፤ ከመፀነሳቸው በፊት ጀምረው በቀን 4 ሚሊግራም የወሰዱት ላይ ችግሩ በ72 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ስለዚህ ለእሷ 400 ማይክሮግራም አይበቃም፤ ሐኪም 4 ወይም 5 ሚሊግራም ያዝላታል፣ ከ12ኛው ሳምንት በኋላም ወደ ትንሹ ይመልሳታል። እሷ ወይም ባሏ ራሳቸው ይህ ችግር ይዘው የተወለዱ ከሆነ፣ የስኳር በሽታ ካለባት፣ ወይም እንደ ቫልፕሮኤት ያለ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነም ከመፀነሷ በፊት ሐኪም ታማክር። የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን በራሷ ፈቃድ ማቆም ግን አደገኛ ነው።

ትልቁ ይሻላል ብላ ባለ 400 ማይክሮግራሙን ብዙ አድርጋ የምትውጥ ሴትም ትጠንቀቅ። ኪኒኑ የመልቲቫይታሚን ከሆነ አብሮት ያለው ቫይታሚን ኤ ሲበዛ ጽንሱን ይጎዳል። ሌላም ነገር አለ። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ለረጅም ጊዜ የማይቀምስ ሰው ቫይታሚን ቢ 12 ሊያጥረው ይችላል። ብዙ ፎሊክ አሲድ ከዚህ እጥረት የሚመጣውን የደም ማነስ ያስተካክልና ሕመሙን ይሸፍናል፤ የነርቩ ጉዳት ግን ውስጥ ውስጡን ይቀጥላል። አጽዋማትን ሁሉ የምትጾም ሴት 5 ሚሊግራም ሲታዘዝላት ይህንን ለሐኪሟ ትንገር። እጆቿና እግሮቿ የሚደነዝዙ ከሆነማ ሳትናገር አትውጣ።

ፎሊክ አሲድ ሁሉንም አይከላከልም። 72 በመቶ ማለት በጊዜ ጀምረው፣ በትክክል ወስደው ችግሩ የገጠማቸው እናቶችም አሉ ማለት ነው። እንዲህ ያለችውን እናት ምን አጠፋሽ ብሎ መጠየቅ ግፍ ነው። ለቀጣዩ ልጇ የሚጠቅማት፣ መከላከያውን ከማቆሟ ሦስት ወር በፊት ሐኪም ፊት ቀርባ የመጀመሪያ ልጄ እንዲህ ሆኖ ተወልዶ ነበር ብላ መናገሯ ነው። ትልቁ መጠን የሚታዘዝላት ያንን ስትናገር ነው።