አንድ ፎቶ፣ ሦስት ልክ

በጥምቀት ዕለት ጃንሜዳ ላይ በስልክ የተነሣ አንድ ፎቶ እንውሰድ። ወርዱ 4000፣ ቁመቱ 3000 ፒክሰል፣ ክብደቱ 5 ሜጋባይት ገደማ ነው። ከታች ሕዝቡ፣ መሐል ላይ ታቦቱን ያከበሩት ካህናት፣ ከላይ ደግሞ በወርቀ ዘቦ ያጌጡት ድባቦች ይታያሉ። አዘጋጁ ይህንኑ ፎቶ ቴሌግራም ቻናሉ ላይ፣ ኢንስታግራም ላይና ድረ ገጹ ላይ ሊያወጣው ይፈልጋል። የድረ ገጹ ሊንክ ፌስቡክ ላይ ሲለጠፍም ከርዕሱ በላይ ብቅ የሚለው ምስል ይኸው እንዲሆን ነው ሐሳቡ።

ሦስቱም ቦታዎች የየራሳቸው ልክ አላቸው። ቴሌግራም ፎቶ በተለመደው መንገድ ሲላክ ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ፒክሰል ያወርደዋል። ኢንስታግራም በፕሮግራም በኩል ለሚላክለት ፎቶ የሚያስቀምጠው ሕግ ሌላ ነው፦ ጄፔግ ይሁን፣ ከ8 ሜጋባይት አይብለጥ፣ ቅርጹም ከ4 ለ5 ቁመታም እስከ 1.91 ለ1 አግድም ባለው ወሰን ውስጥ ይግባ። ለሊንክ ምስል ደግሞ ፌስቡክ የሚመክረው 1200 በ630 ነው።

ዝም ብሎ 5 ሜጋባይቱን መላክስ? ብዙ ጊዜ ያልፋል። ግን መድረኩ ፎቶውን ማሳነሱ አይቀርም፤ ሲያሳንሰው ምን እንዳለበት አያውቅም፣ ድባቡ ተቆረጠ አልተቆረጠም ግድ የለውም። ስለዚህ ጥያቄው ፎቶው ይነስ አይነስ ሳይሆን ማን ያሳንሰው ነው። በቀን ሠላሳና አርባ ፎቶ የሚያወጣ ቢሮ ይህን በእጅ ሊሠራው ስለማይችል ለፕሮግራም ይሰጠዋል። ለዚህ ሥራ ከሚውሉት አንጋፋዎች አንዱ ኢሜጅማጂክ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ነው። ጆን ክሪስቲ የተባለ የዱፖንት ኩባንያ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1987 ሲጀምረው ችግሩ የስክሪን ነበር፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ቀለም ያለውን ምስል 256 ቀለም ብቻ በሚያሳይ ስክሪን ላይ ማውጣት። በ1990 ለሕዝብ ተለቀቀ። መስኮትና ቁልፍ አይፈልግም፤ አንድ መስመር ትእዛዝ ይጻፍለታል፣ ትእዛዙ ለአንድ ፎቶም ለሺህም ያው ነው።

ለሊንኩ ምስል የሚጻፈው ይህን ይመስላል፦

```
magick timket.jpg -auto-orient -profile sRGB.icc \
  -resize 1200x630^ -gravity north -extent 1200x630 \
  -strip -quality 85 -define jpeg:extent=200KB link.jpg
```

ትእዛዙ ከግራ ወደ ቀኝ በተራ ይፈጸማል፤ ተራው ሲዛባ ነው አብዛኛው ጥፋት የሚመጣው። የመጀመሪያው `-auto-orient` ነው። ስልክ ቆሞ ሲያነሣ ምስሉን አያዞረውም፤ እንደተኛ ያስቀምጥና «ሲታይ ይዞር» የሚል ማስታወሻ ፋይሉ ውስጥ ይጽፋል። ወደ መጨረሻ ያለው `-strip` ደግሞ እንዲህ ያለውን ማስታወሻ ሁሉ ይጠርጋል። ማስታወሻው ከመጠረጉ በፊት ምስሉ በትክክል ካልዞረ አንባቢው ዘንድ የሚደርሰው በጎኑ የተኛ ፎቶ ነው። ይህ ስሕተት ቢሮ ውስጥ ሳይታይ ያልፋል፤ ኦሪጅናሉ ኮምፒውተሩ ላይ ሲከፈት ቀጥ ብሎ ነውና የሚታየው። ጠረጋው ራሱ ግን ይጠቅማል። ፎቶው የተነሣበት ቦታ እስከ ቤት ደጃፍ ድረስ በዚያ ማስታወሻ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ሰው ቤቱ ተቀምጦ የሰጠውን ቃለ መጠይቅ የሚያወጣ አዘጋጅ ይህን ማሰብ አለበት።

`-profile` ስለ ቀለም ነው። አዳዲስ አይፎኖች ከተለመደው ሰፋ ባለ የቀለም ክልል ይቀርጻሉ፤ የትኛው ክልል እንደሆነ የሚነግረውም ፋይሉ ውስጥ ያለ መረጃ ነው። ቀለሙ ወደ ተለመደው ክልል ሳይቀየር መረጃው ከተጠረገ የካህናቱ ልብሰ ተክህኖ ቀይ ደብዝዞ ይወጣል።

ከዚያ ቆረጣው ይመጣል፤ እኔ ብዙውን ጊዜዬን የምሰጠው ለዚህ ክፍል ነው። `1200x630^` ላይ ያለችው ባርኔጣ መሰል ምልክት «ሳጥኑን ሙላው፣ የተረፈው ይትረፍ» ማለት ናት። የጃንሜዳው ፎቶ ስለዚህ መጀመሪያ 1200 በ900 ይሆናል። ሳጥኑ 630 ብቻ ነውና 270 ፒክሰል መቆረጥ አለበት። ከየት? ብዙ ሰው ሳያስብ `center` ይጽፋል፤ ያን ጊዜ ከላይ 135፣ ከታች 135 ይሄዳል፣ ከላይ የሚሄደውም ድባቡ ነው። `north` ሲባል ላይኛው ጫፍ ይጠበቃል፣ 270ውም ከታች ይቆረጣል። ከታች ያለው የሕዝቡ ጀርባ ነው፤ ያ ቢቀነስ ፎቶው ብዙ አይጎዳም። አግድም የሚቆረጥ የሰው ፎቶ በአብዛኛው `north` ይሻለዋል ብል ብዙ አልሳሳትም፤ የሰው ራስ ከላይ ነውና።

ኢንስታግራም ላይ አደጋው ወደ ጎን ይዞራል። 1080 በ1350 ለመሙላት ፎቶው 1800 በ1350 ይሆንና ከግራ 360፣ ከቀኝ 360 ይቆረጣል፤ ከወርዱ መቶ እጅ አርባው ሄደ ማለት ነው። ካህናቱ መሐል ካልቆሙ አንዱ ግማሽ ሆኖ ይቀራል። እዚህ ላይ የሚረሳ ነገር አለ። 4 ለ3 የሆነው ኦሪጅናል ቅርጽ በኢንስታግራም ወሰን ውስጥ ስለሆነ ሳይቆረጥም ያልፋል። ወደ ቁመታም የሚቆረጠው በስልክ ስክሪን ላይ ሰፋ ያለ ቦታ ለመያዝ ነው እንጂ ግዴታ ሆኖ አይደለም። ጠርዝ ላይ ሰው ላለበት ፎቶ ቆረጣውን መተው፣ ወይም ባርኔጣዋን አንሥቶ ከላይና ከታች በ`-gravity center -background white` ነጭ መሙላት ይሻላል። ፕሮግራሙ ይህን አይመርጥም፤ ስለዚህ አዘጋጁ ፎቶውን ሲያስገባ «ላይ»፣ «መሐል» ወይም «አትቁረጥ» የሚል አንድ ምርጫ እንዲያደርግ ማሠራት ከምንም ማስተካከያ በላይ ይጠቅማል።

የፋይል ክብደት የሚነካው በመጨረሻ ነው፤ ደግሞም አብዛኛው ሥራ እዚያ ሳይደረስ አልቋል። 4000 በ3000 ማለት 12 ሚሊዮን ፒክሰል ነው፤ 1200 በ630 ደግሞ 756 ሺህ። ፒክሰሉ ገና ሳይታመቅ ወደ አሥራ ስድስተኛ ወርዷል። የመድረኮቹን የሜጋባይት ወሰን ያኔ መንካት ይከብዳል። ጠባቡ ወሰን ቢሮው ለራሱ የሚያወጣው ነው፤ በሞባይል ዳታ ለሚያነብ ሰው የገጹ ምስል ከ200 ኪሎባይት አይብለጥ ሲል።

ጄፔግ ምስሉን 8 በ8 ፒክሰል በሆኑ ካሬዎች ይከፍላል። በየካሬው ያለውን ሰፊ የብርሃን ለውጥ ይይዝና ጥቃቅኑን ዝርዝር ያጠጋጋል። 85 የሚለው ጥራት የማጠጋጋቱ ልክ ነው እንጂ መቶኛ አይደለም። በዚሁ 85 የጠራ ሰማይ ቀላል ፋይል ይሆናል፣ የጃንሜዳ ሕዝብ ግን በየካሬው ዝርዝር ስላለው ይከብዳል። አንድ የጥራት ቁጥር ለሁሉም ፎቶ ማስቀመጥ ክብደቱን የማይቆጣጠረው ለዚህ ነው። `jpeg:extent` ነገሩን ይገለብጠዋል፤ ክብደቱን እኛ እንሰጠዋለን፣ ጥራቱን እሱ ይፈልጋል። አማካዩን ይሞክራል፣ ከከበደ ወደ ታች፣ ከቀለለ ወደ ላይ እየከፈለ ይሄዳል። ከ1 እስከ 100 ያለውን በሰባት ሙከራ ይጨርሰዋል፤ 85 እዚህ ጣሪያው ነው።

ፍለጋው ግን ወለል የለውም። 200 ኪሎባይት ውስጥ ግባ ካሉት ጥራቱን ወደ 30 ጥሎም ይገባል። ምልክቱ በዓይን ይታያል፦ ሰማዩ ላይ ካሬዎች፣ በመስቀሉ ጠርዝ ዙሪያ ቆሻሻ መሰል ነጠብጣቦች። ሁሉንም ማየት ለማይችል የሚከተለው ትእዛዝ ወርድ፣ ቁመት፣ ጥራትና ክብደት ያወጣል፦

```
magick identify -format "%w %h %Q %b\n" link.jpg
```

ሦስተኛው ቁጥር ከ60 በታች ከሆነ ጥራቱን ከመግደል ምስሉን ማሳነስ ይሻላል። ንጹሕ የሆነ 1000 በ525 ከቆሸሸ 1200 በ630 የተሻለ ይነበባል።

ለቴሌግራም የሚጻፈው ቆረጣ የለውም፤ 1280 በ960 ሆኖ ይወጣል፦

```
magick timket.jpg -auto-orient -profile sRGB.icc \
  -resize '1280x1280>' -strip -quality 85 tg.jpg
```

እዚህ ያለችው `>` «ትልቅ ከሆነ ብቻ አሳንስ፣ ትንሹን አታተልቅ» ትላለች። ጥቅሶቹ ከተረሱ ግን የሊኑክሱ ተርሚናል ምልክቷን ለራሱ ይወስዳታል፤ ውጤትን ወደ ፋይል ጻፍ ማለት ናትና። ቀጥሎ ያለውን ቃል የፋይል ስም አድርጎ `-strip` የሚባል ባዶ ፋይል ይፈጥራል። ምንም የስሕተት መልእክት አይመጣም። ትንሹ ፎቶ ተለጥጦ ይወጣል፣ የቦታ መረጃውም ሳይጠረግ ይቀራል። በማኅደሩ ውስጥ `-strip` የሚል ፋይል ያየ ሰው ያለፉትን ፎቶዎች መለስ ብሎ ይመርምር።

ፖስተር ከፎቶ የተለየ ጠባይ አለው። በአማርኛ ፖስተር ላይ ቡን ከቢ የምትለየው ትንሿ ቅጥያ 6 ፒክሰል ውፍረት ከነበራት፣ 4000ው ወደ 1280 ሲወርድ 2 ፒክሰል ገደማ ትሆናለች። ጄፔግ ደግሞ በተለመደው አሠራሩ ቀለምን ከብርሃን ባነሰ ዝርዝር፣ በወርድም በቁመትም በግማሽ ያስቀምጣል፤ ዓይናችን ለቀለም ዝርዝር ብዙም አይነቃም በሚል። ፎቶ ላይ አይታወቅም። በአረንጓዴ መደብ ላይ የተጻፈ ቀይ ፊደል ላይ ግን ቀለሙ ከጠርዙ ይፈሳል። `-sampling-factor 4:4:4` ይህን ይከለክላል፤ ፒኤንጂ ማድረግም ይቻላል። ቴሌግራም ግን እንደ ፎቶ የተላከለትን እንደገና ስለሚያምቀው እዚያ የሚያድነው ፊደሉን መጀመሪያውኑ ማወፈር ወይም ፖስተሩን እንደ ፋይል መላክ ነው።

ረጃጅም ፖስተሮችን የሚይዝ ሌላ ወሰንም አለ። ቴሌግራም በቦት ለሚላክ ፎቶ ከ10 ሜጋባይት የክብደት ወሰን ሌላ የወርድና የቁመቱ ድምር ከ10000 እንዳይበልጥ ይጠይቃል። 1080 በ9500 የሆነ የመርሐ ግብር ዝርዝር 2 ሜጋባይት ብቻ ቢመዝንም ድምሩ 10580 ነውና `PHOTO_INVALID_DIMENSIONS` የሚል መልስ ይመጣል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ጥራቱን ደጋግሞ ይቀንሳል፤ መልሱ ግን ያው ነው፣ ስሕተቱ የክብደት አይደለምና። ዝርዝሩን ለሁለት መክፈል ወይም እንደ ፋይል መላክ ነው መፍትሔው።

ቁጥሮቹን ሁሉ ትእዛዙ ውስጥ በትኖ መጻፍ ኋላ ያስቸግራል፤ መድረኮቹ ልካቸውን ሳይነግሩ ይቀይራሉ። በአንድ ሠንጠረዥ ላይ መድረክ፣ ወርድ፣ ቁመት፣ ኪሎባይት ተጽፎ ትእዛዙ ከዚያ ቢያነብ፣ ለውጥ ሲመጣ የሚነካው አንድ መስመር ይሆናል። ሦስቱም ቅጂዎች ሁልጊዜ ከኦሪጅናሉ ይሠሩ፤ የኢንስታግራሙን አሳንሶ ለሊንኩ ማድረግ የታመቀውን ዳግም ማመቅ ነው። ከኢሜጅማጂክ ጋር የሚመጣውን `mogrify`ንም ኦሪጅናሉ ባለበት ማኅደር ውስጥ አለማስነሣት ነው፤ አዲስ ፋይል አያወጣም፣ በነበረው ላይ ይጽፋል።