የዘጠኙ እንቁላሎች ታሪክ፦ ስለ ይቅርታ ለምታስተምሩ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን

ስለ ይቅርታ ለልጆች የምንነግራቸው ብዙዎቹ ታሪኮች አንድ ጉድለት አለባቸው፤ በደሉ በጣም ትንሽ ነው። አንዱ የሌላውን እርሳስ ይወስዳል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ተቃቅፈው ይጫወታሉ። ወይም ደግሞ የጠፋው ነገር መጨረሻ ላይ ይገኛል። የጠፋው ከተገኘ ግን ልጁ ይቅር ያለው ምኑን ነው? ልጆች በእውነት የሚቸገሩት የተሰበረው ነገር በማይጠገንበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ከ7 እስከ 10 ዓመት ላሉ ልጆች እንዲሆን ይህን ታሪክ ጻፍኩ። ቀስ ተብሎ ሲነገር አምስት ደቂቃ ያህል ይወስዳል።

ሕይወት የምትኖረው ከአያቷ ከእማማ ብርቄ ጋር ነው። አንዲት ቀይ ዶሮ አለቻት። ዶሮዋ ዘጠኝ እንቁላሎች ታቀፈች። እማማ ብርቄ፣ “21 ቀን ትታቀፋለች፤ እስከዚያ ማንም እንዳይነካካት” አሏት። ሕይወት በየጠዋቱ ጥሬና ውኃ ታቀርብላታለች። ጫጩቶቹ አድገው ሲሸጡ ደብተር ይገዛላታል።

በ16ኛው ቀን አመሻሽ ላይ ሕይወት ተልካ ሄደች። የጎረቤት ልጅ ዮናስ እንቁላሎቹን ለማየት ጓጉቶ የዶሮዋን ቤት ከፈተ። ዶሮዋ ደንግጣ በርራ ወጣች። ሊይዛት ሮጠ፤ አልቻለም። ሰው እንዳያውቅበት በሩን መልሶ ዘጋና ወደ ቤቱ ሄደ። ዶሮዋ ልትመለስ ብትፈልግ በሩ ዝግ ነው። አጥር ላይ አደረች።

ጠዋት ሕይወት እንቁላሎቹን ስትነካ ቀዝቅዘዋል። ዮናስን፣ “ማን እንደከፈተው አይተሃል?” አለችው። “አላየሁም” አላት። ከዚያ በኋላ ሲያገኛት መንገድ እየለወጠ ይሄድ ጀመር። በሦስተኛው ቀን ግን ራሱ መጣ። “እኔ ነኝ የከፈትኩት። ፈርቼ ዘጋሁት። አላየሁም ያልኩሽም ውሸት ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ” አላት። ሕይወት፣ “ሂድ! ላይህ አልፈልግም!” ብላ ጮኸችበት። ዮናስ እያለቀሰ ሄደ።

እማማ ብርቄ አልተቆጧትም። አጠገባቸው አስቀምጠዋት፣ “ብትናደጂ እውነትሽን ነው፤ ትልቅ ነገር ነው ያጠፋብሽ” አሏት። በማግስቱ ማታ ሕይወት ጠየቀቻቸው። “አያቴ፣ ይቅር ካልኩት ምንም አላጠፋም ማለት ነው?” “አይደለም፤ ምንም ባያጠፋማ ይቅርታው ለምን ያስፈልገው ነበር?” “ታዲያ ምን ማለት ነው?” “ዕዳውን ተውሽለት ማለት ነው። ባየሽው ቁጥር እንቁላሎቼን አምጣ አትይውም።” ያን ዕለት ማታ ሕይወት አባታችን ሆይ ስትጸልይ ስለ በደል ከሚለው ላይ ስትደርስ ዝም አለች። ቆይታ ጨረሰችው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ወደ ዮናስ ቤት ሄደች። “ይቅር ብዬሃለሁ” አለችው። “እንቁላሎቹ ግን አሁንም ያሳዝኑኛል።” ዮናስ አንገቱን ደፍቶ፣ “እኔንም” አላት። ዶሮዋ ሌላ ጊዜ በታቀፈች ወቅት ዮናስ ውኃውን እያመጣ ያግዛት ነበር። በሩን የምትከፍተው ግን ሕይወት ናት።

ታሪኩ ይኸው ነው። ስትነግሩ መጨረሻውን ለማሳመር ብላችሁ የቀዘቀዙትን እንቁላሎች አታስፈልፍሏቸው። በ16ኛው ቀን ጫጩቱ በውስጥ አድጓል፤ ዶሮዋ ለመብላት ጥቂት ደቂቃ ብትነሣ አይጎዳውም፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲቀዘቅዝ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። ዶሮ ያለበት ቤት ያደገ ልጅ ይህን ስለሚያውቅ ወዲያው ይይዛችኋል። በሩን መዝጋቱንም አትዝለሉ። መክፈቱ ጉጉት ነው፤ መዝጋቱና አላየሁም ማለቱ በደል ነው። ዮናስ ሲመጣ ሦስቱንም ለይቶ መናገሩ ልጆቹ ይቅርታ መጠየቅ እንዴት እንደሆነ እንዲያዩ ነው።

“ላይህ አልፈልግም” ካለችው በኋላ ታሪኩን አቁሙና ጠይቁ። ጥያቄው ግን “ሕይወት ምን ማድረግ አለባት?” አይሁን። እንዲህ ከጠየቃችሁ ክፍሉ በአንድ ድምፅ “ይቅር ትበለው!” ይላችኋል፤ መምህሩ የሚፈልገውን መልስ ልጆች አስቀድመው ያውቁታል። “ሕይወት አሁን ምን ምን ይሰማታል?” በሉ። ንዴት፣ ኀዘን፣ ጓደኛ ማጣት እያሉ መዘርዘር ሲጀምሩ፣ “እኔም አንዴ…” የሚል ልጅ ይመጣል። ያኔ ትምህርቱ ቦታው ደርሷል። ቸኩላችሁ ወደ መፍትሔ አትለፉ።

ከታሪኩ በኋላ ወደ ማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ሂዱ። ጴጥሮስ እስከ ሰባት ጊዜ ይቅር ልበል ወይ ብሎ ሲጠይቅ፣ ጌታ መልሱን ሰጥቶ እልፍ መክሊት ዕዳ የተማረለትን ባሪያ ምሳሌ ነገረው። ያ ባሪያ ወጥቶ መቶ ዲናር ያለበትን ባልንጀራውን አነቀው። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ መቶውን ዲናር ኢምንት እናደርገዋለን። አንድ ዲናር የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነበር፤ መቶው ከሦስት ወር በላይ የሚሠራበት ገንዘብ ነው። እውነተኛ ዕዳ ነው፣ የሕይወት እንቁላሎች እውነተኛ ኪሳራ እንደሆኑት ሁሉ። ልዩነቱ የሚታየው ከእልፉ መክሊት ጋር ሲተያይ ነው። አንድ መክሊት 6,000 ዲናር ያህል ነው፤ እልፉ መክሊት 60 ሚሊዮን የሥራ ቀን ይሆናል፤ በየቀኑ ቢሠራ እንኳ ከ160 ሺህ ዓመት በላይ። ለትንንሾቹ ቁጥሩን ተዉትና “አያትህም፣ የአያትህም አያት ተጨምረው ቢሠሩ የማይከፍሉት” በሏቸው። ሕይወት በጸሎቷ መካከል ዝም ያለችው ለምን እንደሆነ የሚገባቸው ከዚህ በኋላ ነው፤ እናንተ ከምትነግሯቸው አንዳቸው እስኪደርስበት ጠብቁ።

ሁለት ነገር አደራ እላለሁ። ክፍል ውስጥ የተጣሉ ልጆች ካሉ በዚያው ሰዓት አስነሥታችሁ በሁሉ ፊት አታስተቃቅፏቸው። ሕይወት ቀናት ተሰጥቷታል፤ ለእነርሱም ጊዜ ስጧቸው፣ ለየብቻም አናግሯቸው።

ሁለተኛው ይበልጣል። አንድ ልጅ ትልቅ ሰው እንደሚመታው ወይም ሰውነቱን እንደሚነካካው ቢነግራችሁ፣ ይህን ታሪክ ለእርሱ መልስ አድርጋችሁ አትስጡት፤ ይቅር በል አትበሉት። እንዳመናችሁት ንገሩት፤ ምስጢር እጠብቅልሃለሁ ብላችሁ ግን ቃል አትግቡለት። በዚያው ቀን ለክፍሉ ኃላፊና ልጁን ሊጠብቅ ለሚችል አካል አሳውቁ፤ ጥፋተኛ የተባለው የቤተሰብ አባል ከሆነ ደግሞ ነገሩን ለእርሱ አትውሰዱ። ሕይወት ይቅር ብላ እንኳ በሩን ለዮናስ አልሰጠችም፤ ዮናስ ደግሞ እኩያዋ ልጅ ነው፣ በራሱም መጥቶ አጠፋሁ ብሏል።