ማስታወቂያው ከመለጠፉ በፊት

ማሻ ላይ ክረምት ሲገባ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ልጠብቅ ያለ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ይመሻል። ከአንድራቻ ወይም ከማሻ ዙሪያ ቀበሌዎች ጉዳይ ለማስፈጸም የሚመጣ ገበሬ ጭቃውን ረግጦ ከተማ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ረፍዷል። ወረፋ ይዞ ተራው ሊደርስ ሲል 6:30 ይሆንና በሩ ይዘጋል። በረንዳ ላይ ቆሞ አንድ ሰዓት ይጠብቃል፤ ከሰዓት በኋላ ጉዳዩ ሲያልቅለት ደግሞ የመመለሻ መኪና ያሳስበዋል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በምሳ ሰዓት ሳይዘጉ በፈረቃ ያገልግሉ የሚባለው ለዚህ ሰው ሲባል ነው። ሐሳቡ ደግ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ሐሳቡ ወረቀት ላይ ወርዶ ለሠራተኛው ሲነገር ነው።

እዚህ ላይ የማስተዋውቀው ይህንኑ ወረቀት ነው፦ የሥራ ሰዓት መለወጡን የሚያሳውቀውን የውስጥ ማስታወቂያ። መልኩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከላይ ቁጥርና ቀን፣ ቀጥሎ «ጉዳዩ፦ የሥራ ሰዓት ማሻሻያን ይመለከታል»፣ ከታች ፊርማ፣ ማኅተምና ግልባጭ። ጥሩ ሆኖ ሲጻፍ ግን የማይታይ ሥራ ይሠራል፤ ሠራተኛው በልቡ የሚያነሳውን ተቃውሞ ቀድሞ ይመልሳል።

አንድ መሥሪያ ቤት እናስብ። የተለመደው ሰሌዳ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከጠዋቱ 2:30 እስከ 6:30፣ ከቀኑ 7:30 እስከ 11:30 ነው። በቀን 8 ሰዓት፣ በአራት ቀን 32 ይሆናል። አርብ ረፋዱን 5:30 ላይ ተወጥቶ 7:30 ስለሚገባ 7 ሰዓት ነው። ድምሩ 39። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ያስቀመጠው የሳምንት ጣሪያም ይኸው 39 ሰዓት ነበር። ኃላፊው ቢሮው በምሳ ሰዓት እንዳይዘጋ ወስኖ የሚከተለውን ጻፈ እንበል፦

«ለአገልግሎት አሰጣጥ ቅልጥፍና ሲባል ከነገ ጀምሮ መሥሪያ ቤቱ በምሳ ሰዓት ክፍት የሚሆን መሆኑን እያሳወቅን፣ ይህን በማይፈጽም ሠራተኛ ላይ አስተዳደራዊ እርምጃ የምንወስድ መሆኑን በጥብቅ እናሳስባለን።»

ይህን ያነበበ ሠራተኛ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሰዓት ተጨመረብን ወይ?» ብሎ ነው። ወረቀቱ መልስ ስለሌለው ሠራተኛው ራሱ መልስ ይፈጥርለታል፤ የሚፈጥረውም ሁልጊዜ የከፋውን ነው። «በማይፈጽም ሠራተኛ ላይ» የሚለው ሐረግ ደግሞ ገና ማንም እምቢ ሳይል ሁሉንም እምቢተኛ አድርጎ ያስቀምጣል። በእኔ እምነት ከዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ መጀመሪያ ሊወጣ የሚገባው ይህ ዛቻ ነው።

አሁን ያንኑ ውሳኔ እንደገና እንጻፈው። ሠራተኛው በሁለት ቡድን ይከፈላል። ቡድን ሁለት ምንም አይለወጥበትም፤ እንደ ድሮው ከ6:30 እስከ 7:30 ምሳ ይወጣል። ቡድን አንድ ግን 5:30 ወጥቶ 6:30 ይመለሳል። አንዱ ሲወጣ ሌላው ስላለ ቢሮው አይዘጋም። ቡድን አንድ ከምሳ በፊት 3፣ ከምሳ በኋላ 5 ሰዓት ይሠራል፤ ድምሩ ያው 8 ነው። ስለዚህ ማስታወቂያው በሁለተኛው ዓረፍተ ነገሩ እንዲህ ሊል ይችላል፦

«በሁለቱም ቡድኖች ከሰኞ እስከ ሐሙስ የቀኑ የሥራ ሰዓት 8፣ የሳምንቱ 39 ሆኖ ይቀጥላል፤ የሚለወጠው የቡድን አንድ የምሳ መውጫና መግቢያ ሰዓት ብቻ ነው።»

«ሰዓት አልጨመርንም» ብሎ መማል አያስፈልግም፤ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። ትርፍ ሰዓት የሚጠይቅ ለውጥ ከሆነ ግን ክፍያው በዚያው ወረቀት ላይ መጠቀስ አለበት። በማሻ አካባቢ ባለ የግል የሻይ ወይም የቡና ልማት የሚሠራ ሰው ግን የሚተዳደረው በሌላ ሕግ ነው፦ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011። በዚያ መደበኛው ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሲሆን፣ ቀን ላይ የተሠራ ትርፍ ሰዓት በመደበኛው የሰዓት ክፍያ 1.5 እጥፍ ይከፈላል።

ቀጥሎ የሚመጣው «ለምን እኔ?» ነው። ቡድን አንድ ውስጥ የገባ ሰው የሚያጣው ነገር አለ። ማሻ ትንሽ ከተማ ናት፤ ብዙ ሰው ምሳውን ቤቱ ይበላል፤ ልጆቹም ከትምህርት ቤት የሚመለሱት ወደ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። 5:30 የወጣ አባት ልጆቹን ሳያገኝ ይመለሳል። ብዙ ኃላፊዎች እዚህ ላይ ነገሩን በዝምታ ያልፉታል፤ ትልቁ ስህተትም ይህ ይመስለኛል። ጉዳቱን የሚሸከመው ሰው ስለሚያውቀው መደበቅ አይቻልም። «ይህ ለውጥ ቡድን አንድ ከቤተሰቡ ጋር ምሳ እንዳይበላ ሊያደርግ እንደሚችል እንገነዘባለን፤ በመሆኑም ቡድኖቹ በየወሩ ይቀያየራሉ» ማለት አንድ መስመር ተኩል ነው። ሸክሙ ተነገረ፤ እኩል እንደሚከፋፈልም ታወቀ።

አንዳንዱ ተቃውሞ ደግሞ በማብራሪያ አይመለስም። የምታጠባ እናት ሕፃኗ ጋ የምትደርስበት ሰዓት አላት። እርሷን «በየወሩ ትቀያየሪያለሽ» ማለት መልስ አይደለም፤ የሚያስፈልጋት በቡድን ሁለት እንድትቆይ የሚፈቅድ መስመርና ጥያቄዋን ለማን እንደምታቀርብ ነው። አርብን በተመለከተ የእኔ ምክር አለመንካት ነው። ከ5:30 እስከ 7:30 ያለው ዕረፍት ለጁምዓ የሚሄደውን ሠራተኛ ይመለከታል፤ «አርብ እንደ ቀድሞው ይቀጥላል» የሚለው አጭር ቃል አንድ ሙሉ ክርክር ያስቀራል።

ከሠራተኛው ይልቅ ባለጉዳዩን የሚጎዳ፣ በረቂቅ ላይም ብዙ ጊዜ የሚረሳ አንድ ነገር አለ፦ ፊርማ። መዝገብ ቤቷ ክፍት ሆና፣ ፈራሚው ምሳ ላይ ከሆነ ገበሬው ያው በረንዳው ላይ ነው። ሠራተኛውም ይህን ስለሚያውቅ «ለምን በከንቱ እንቀመጣለን?» ይላል፤ እውነት አለው። በምሳ ሰዓት ማን ተወክሎ እንደሚፈርም ማስታወቂያው በሥራ መደብ ጠቅሶ ካልጻፈ ለውጡ በሩን ከመክፈት አያልፍም።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን ያልተነሳን ጥርጣሬ መመለስ የባሰ ነው። ማንም ስለ ሠራተኛ ቅነሳ ሳያስብ «ይህ ለውጥ ሠራተኛ ለመቀነስ የታሰበ አይደለም» ብሎ የሚጽፍ ኃላፊ ወሬውን የሚጀምረው እርሱ ራሱ ነው። ስለዚህ የትኛው ተቃውሞ እውነተኛ እንደሆነ አስቀድሞ መስማት ያስፈልጋል። ስብሰባ ላይ «አስተያየት አለ?» ሲባል ብዙው ሰው ዝም ይላል። ቡና ላይ፣ አንድ ለአንድ፣ «ሰኞ በዚህ ሰዓት ብንጀምር ቀንሽ እንዴት ይውላል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ሰው በደፈናው ከመቃወም ይልቅ ውሎውን ሲተርክ የሚያስቸግረው ነገር ራሱ ይወጣል።

ቀኑና ሰዓቱም ይታሰብባቸው። «ከነገ ጀምሮ» የሚል ወረቀት ልጅ ጠባቂ ለሚፈልግ ሰው ጊዜ አይሰጥም፤ ሁለት ሳምንት ቢሰጥ ተገቢ ነው። ሰዓቱም «ከጠዋቱ»፣ «ከቀኑ» ተብሎ በእኛ አቆጣጠር ይጻፍ፤ ስልኩ በፈረንጅ ሰዓት የተሞላ ወጣት ሠራተኛ 7:30 ሲባል ጠዋት እንዳይመስለው። ውሳኔው የበላይ አካል ፈቃድ የሚጠይቅ ከሆነ ደግሞ የፈቃዱ ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ይጠቀስ፤ «በምን ሥልጣን?» የሚል ጥያቄ ከተነሳ በኋላ ቁጥሩን ፈልጎ ማምጣት እንደ ሰበብ ነው የሚታየው።

ማስታወቂያው እንዳልሠራ የሚታወቀው በጩኸት አይደለም። ሰው አንብቦ ፈርሞ፣ ከዚያ አንድ በአንድ የኃላፊውን በር ሲያንኳኳና ሁሉም ያንኑ አንድ ጥያቄ ይዞ ሲመጣ፣ ከወረቀቱ የጎደለው መስመር ያ ጥያቄ ነው። ያኔ ማብራሪያ በቃል ከመስጠት ማስታወቂያውን አርሞ እንደገና መለጠፍ ይሻላል።

እንዲህ ያለ ወረቀት የምታዘጋጁ ኃላፊዎች ሆይ፣ ማኅተም ከማረፉ በፊት ረቂቁን ለአንድ የጥበቃ ሠራተኛና ቤቷ ሩቅ ለሆነ አንዲት ባልደረባ አንብቡላቸው። ሰኞ በስንት ሰዓት ወጥተው በስንት እንደሚመለሱ ሳያመነቱ ከነገሯችሁ ለጥፉት።