ሰርቪሱ ሲዘገይ ቴሌግራሙ ምን ይላል?

ነሐሴ ሲገባ የአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤቶች የፌስቡክና የቴሌግራም ገጾች በምዝገባ ማስታወቂያ ይጥለቀለቃሉ። ፊኛ፣ ጋዋን የለበሱ ሕፃናት፣ «ጥቂት ቦታ ቀርቶናል»። አንዳንዱ ደግሞ «ተማሪዎቻችንን በሙሉ አሳልፈናል» ይላል፤ ስንት እንዳስፈተነ ግን አይጽፍም። በ2015 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተሰማ ወዲህ፣ አስፈታኙን ቁጥር የሚጠይቅ ወላጅ አይጠፋም።

ልጁን ለማስመዝገብ ያሰበ ሰው ከፖስተሩ ይልቅ ጎረቤቱን ያምናል። ጎረቤቱ ደግሞ የሚያወራለት ስለ ፊኛው ሳይሆን፣ ሰርቪሱ የዘገየ ቀን ትምህርት ቤቱ ምን እንዳደረገ ነው።

እንበል ሰርቪሱ ሁልጊዜ 10፡15 ሰፈር ይደርሳል፤ ዛሬ ግን 10፡25 ሆኗል፣ የለም። ትምህርት ቤቱ ያለው የወላጆች ግሩፕ ከሆነ አንዷ እናት «የእኔ ልጅ አልደረሰችም» ትላለች፣ ሌላው «አደጋ ደርሷል እንዴ?» ይላል፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ጥያቄው ወሬ ይሆናል። ትምህርት ቤቱ የሚልከው መልእክትም በዚያ መሀል ይቀበራል። በቻናል ላይ ግን የሚጽፈው አስተዳዳሪው ብቻ ነው። «የገርጂ መስመር ሰርቪስ በመንገድ መዘጋት ቆሟል። ልጆቹ በሙሉ ከረዳቷ ጋር መኪናው ውስጥ ናቸው። 10፡45 ላይ እንደገና እንጽፋለን።» ወላጅን የሚያረጋጋው ይህ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው፤ በተባለው ሰዓት ካልተጻፈ ግን ከዝምታም ይብሳል። ስለዚህ የሚጽፈው ሰው ከረዳቷ ጋር በስልክ የሚገናኝ መሆን አለበት፤ ማስታወቂያ የሚሠራው የውጭ ድርጅት ይህን አይችልም። ቻናል ጉድለትም አለው፤ ወላጅ መልሶ መጠየቅ ስለማይችል፣ የሚነሣ ስልክ ቁጥር ከላይ ፒን መደረግ አለበት።

ፎቶ ሌላው ጣጣ ነው። የልጁ ፊት፣ ሙሉ ስሙና የትምህርት ቤቱ አርማ ያለበት ዩኒፎርም በአንድ ምስል ላይ ከተገናኙ፣ ልጁ ማን እንደሆነና በየቀኑ የት እንደሚገኝ ለማንም ተነገረ ማለት ነው። አገሪቱ ከ2016 ጀምሮ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ (ቁጥር 1321/2016) አላት። የምዝገባ ፎርሙ ላይ ሁለት ጥያቄ ለየብቻ ማስፈር ይበቃል፤ ፎቶው በወላጆች ቻናል ይውጣ ወይ? ለሁሉም ክፍት በሆነው ቲክቶክስ? ለመጀመሪያው እሺ ብሎ ለሁለተኛው እምቢ የሚል ወላጅ ብዙ ነው፤ ልክም ነው።

የወላጆች ቻናል ዝግ ነው ቢባልም ሊንኩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ዓመቱ ሲያልቅ የለቀቁትን ወላጆች ማስወጣትና የድሮውን ሊንክ ሰርዞ አዲስ ማውጣት ደቂቃዎች ቢፈጅ ነው። ይህን የሚያደርግ ትምህርት ቤት ግን ብዙም አላጋጠመኝም።